በሥራ መሃል የመጣ ለውጥ፦ የ120 ዴስክ የሥራ ማስታወሻ

ሥራው፦ ለአንድ የግል ትምህርት ቤት 120 ባለሁለት ሰው ኮምባይንድ ዴስክ። ብረቱ 25 በ25 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር። እንጨቱ 18 ሚሊ ላሜኔትድ ችፑድ። መቀመጫው ከመሬት 38 ሴ.ሜ.፣ ጠረጴዛው 64 ሴ.ሜ.። አንዱ 7,200 ብር፣ ቫት ሳይጨምር። ውሉ የተፈረመው ሐምሌ 8 ነው። 45 ቀን ተሰጥቶናል፣ ማስረከቢያው ነሐሴ 23።

ነሐሴ 4

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ግዢ ክፍል በቴሌግራም መልእክት መጣ። «ወንድሜ፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል ልንከፍት ነው። የተወሰነውን ዴስክ ቁመቱን 5 ሴ.ሜ. ጨምሩልን። ከስር ብትቀጥሉበት ይበቃል።»

የትኛው 5 ሴንቲ? የመቀመጫው ነው የጠረጴዛው? «የተወሰነው» ስንት ነው? በዚህ መልእክት አንድ ቱቦላሬ እንኳ መቁረጥ አይቻልም። እስኪጣራ ብለን ያልተበየደውን አቆምን። የተበየደውን መቀባትና ማጽዳት ቀጠልን። ለላኪው የመለስኩት አጭር ነው፦ መልእክቱ ደርሶኛል፣ ብዛቱንና ሁለቱን ቁመቶች ለይታችሁ ጻፉልኝ፣ ዋጋና ቀን በጽሑፍ ሳንስማማ ለውጡን አንጀምርም።

ስልክ ደወለ። «ዝም ካልኳችሁ እሺ ማለቴ ነው፣ ቀጥሉ» አለ። እንዲህ አይሆንም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1682 ዝምታን እንደ ስምምነት አይቆጥርም። ደግሞም ውሉን የፈረሙት የትምህርት ቤቱ ባለቤት ናቸው፣ እሱ አይደለም። ለውጡንም የሚፈርሙት እሳቸው መሆናቸውን በትህትና ነገርኩት።

ነሐሴ 5፣ ጠዋት

ዋጋ ከማሰላችን በፊት ቆጠራ። ሥራው የት ደርሷል? እያንዳንዱ ዕቃ ከአራት ደረጃ በአንዱ ላይ ነው፦ ያልተነካ፣ የተቆረጠ፣ የተበየደ፣ የተቀባ። ለውጥ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የተቀባን ዴስክ መፍታት ማለት ቀለሙን ማቃጠል፣ ብየዳውን መግፈፍ፣ እንደገና አንቲረስት መቀባት ነው።

የተገኘው፦ የ120ውም ቱቦላሬ ተቆርጧል። 50 ዴስክ ተበይዷል፣ ከሱ 20ው ተቀብቷል። ከችፑዱ ለመቀመጫ የተመደበው 20 ፍሬ ነበር፣ 10ሩ ተቆርጦ 60 መቀመጫ ወጥቷል።

እኩለ ቀን ላይ የግዢው ሰው ብዛቱን ላከ፦ 50 ዴስክ። 70ው እንዳለ ይቀራል። ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። 50 የተበየደውና 20 ገና ያልተበየደው ሲደመሩ ልክ 70 ይሆናሉ። የተበየደ አንድም አይፈታም ማለት ነው። ለውጡ የሚያርፈው በተቆረጡትና ባልተበየዱት 50 ስብስቦች ላይ ብቻ ነው። በዚያው ቀን 20ውን እንዲበይዱ አዘዝኩ፤ በቀን 5 ስለምንበይድ ለአራት ቀን ሥራ አለ።

ነሐሴ 5፣ ከሰዓት

«ከስር መቀጠል» የሚለውን ሐሳብ ለመሞከር ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የክረምት ትምህርት ስላለ ልጆች አሉ። ያስረከብነው ናሙና ዴስክ ላይ፣ ከስሩ 5 ሴንቲ የሆነ ጣውላ አስገባንበት። 8ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ አስቀመጥን።

መቀመጫው ጥሩ ሆነ። እግሩ መሬት ይነካል፣ ጉልበቱ በትክክል ታጥፏል። ወደ ፊት ሲጠጋ ግን ጭኑ ከጠረጴዛው ስር ያለውን የደብተር መደርደሪያ ነካ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ነው የጻፈው። ርዕሰ መምህሩ ቆመው አዩ። «ምነው ተጨናነቀ?» አሉ።

ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። በአውሮፓ የትምህርት ቤት ዕቃ መለኪያ ኢኤን 1729 መሠረት የኛ ዴስክ 4ኛው መጠን ነው፦ መቀመጫ 38፣ ጠረጴዛ 64። ቀጣዩ 5ኛው መጠን ነው፦ መቀመጫ 43፣ ጠረጴዛ 71። መቀመጫው በ5 ሲጨምር ጠረጴዛው በ7 ነው የሚጨምረው። ከስር 5 ብትቀጥል ጠረጴዛው 69 ላይ ይቀራል። መደርደሪያው ከችፑዱ ጋር 13.8 ሴንቲ ወደ ታች ስለሚወርድ ከመቀመጫው በላይ ለጭን የሚቀረው 12.2 ነው። በ71 ሲሆን 14.2 ይሆናል። ያቺ ሁለት ሴንቲ ናት ልጁን ያስጨነቀችው።

ሌላም አለ። 5ኛው መጠን የመቀመጫ ጥልቀቱ 38 ሴንቲ ነው፣ የኛ 34። ረጅም ልጅ በአጭር መቀመጫ ላይ ሲቀመጥ ጭኑ ድጋፍ ያጣል። ስለዚህ የመቀመጫው ቋሚ ወደ ኋላ 4 ሴንቲ ይገፋል። የታችኛው ብረት 80 ሴንቲ ስለሆነ ቦታ አለ።

ከስር ማስቀጠልን ሌላም ነገር ይቃወመዋል። 1.5 ሚሊ ቱቦላሬን ጫፍ ለጫፍ ብትበይደው ልጆች ዴስኩን ወደ ኋላ ሲያወዛውዙት እዛው ላይ ይሰነጠቃል። ውስጡ 20 በ20 ቱቦላሬ አስገብቶ በጎን ቀዳዳ መበየድ ይቻላል፣ ግን ለ50 ዴስክ ያን ማድረግ አዲስ ከመቁረጥ የበለጠ ጉልበት ይበላል። ርዕሰ መምህሩ አሁን ገባቸው። «5ኛውን መጠን ጻፉልን» አሉ። በጽሑፍ እንዲልኩት ጠየቅኩ፣ ማታ ላኩት።

ነሐሴ 6

ሒሳብ ቀን። ከዋና በያጃችን ጋር ቁጭ ብለን የቋሚዎቹን ርዝመት አወጣን። ከጠቅላላ ቁመቱ ላይ የጎማ እግር 0.5፣ የታች ብረት 2.5፣ የላይ ብረት 2.5፣ ችፑድ 1.8 ይቀነሳል።

የመቀመጫ ቋሚ፦ ድሮ 30.7፣ አሁን 35.7።
የጠረጴዛ ቋሚ፦ ድሮ 56.7፣ አሁን 63.7።

በያጇ ናት ብልሃቷን ያመጣችው። «የድሮውን የጠረጴዛ ቋሚ ለምን እንጥለዋለን? ከ56.7 ላይ 35.7 ይወጣል፤ ለመቀመጫው ይሆናል» አለች። ልክ ናት። 100 የድሮ የጠረጴዛ ቋሚ 100 አዲስ የመቀመጫ ቋሚ ይሆናል። አዲስ የሚገዛው የጠረጴዛው ብቻ ነው። ከ6 ሜትር ቤርጋ የ63.7 ርዝመት 9 ይወጣል፣ ለ100 ደግሞ 12 ቤርጋ ያስፈልጋል። የሚተርፈው 100 የመቀመጫ ቋሚ ባለ 30.7 ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ ጋር ትንሽ ተከራከርኩ። ያ ትርፍ የማን ኪሳራ ነው? ደንበኛው ዋጋውን ከፍሎበታል። እኛ ግን ለሌላ ትንንሽ ዴስክ ልንጠቀምበት እንችላለን። ወደ አምስት ቤርጋ የሚጠጋ ብረት ነው። ግማሹን ለደንበኛው ተቀናሽ አደረግኩለት። ሙሉውን ብቀንስ ትዕዛዝ እስኪመጣ መጋዘን ውስጥ የሚቆየው በኛ ገንዘብ ነው፣ ምንም ባልቀንስ ደግሞ ሁለቴ መሸጥ ይሆናል።

ችፑዱ ላይ ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። 244 በ122 ከሆነው ፍሬ ባለ 34 መቀመጫ ስድስት ይወጣል፣ ከጎኑ የሚተርፈው ወደ 19 ሴንቲ ደግሞ ሁለት መደገፊያ ይሆናል። ባለ 38ም ስድስት ይወጣል፣ ትርፉ ግን 7 ሴንቲ ብቻ ነው። መደገፊያ አይሆንም። ከአንድ ፍሬ የምናገኘው መቀመጫ ቁጥሩ ባይቀንስም መደገፊያዎቹ ጠፉ። ሁሉንም አሰላስለን 2 ፍሬ ተጨማሪ ያስፈልጋል። ከወረቀት ላይ ሳይሣል «ስድስቱም ይወጣል፣ ለውጥ የለውም» ብሎ መፈረም ቀላል ነበር።

ዋጋው እንዲህ መጣ፦

12 ቤርጋ በ1,150 ብር፣ 13,800። ለትርፉ ብረት ተቀናሽ 2,875። ቀሪ 10,925።
2 ፍሬ ችፑድ በ4,800፣ 9,600።
ቁረጣና የማገጣጠሚያው ፎርማ ማስተካከያ፣ በያጅና ረዳት ለሁለት ቀን፣ 3,600።
ሁለት በያጅና ሁለት ረዳት ሥራ ፈተው የሚውሉበት አንድ ቀን፣ 3,600።
በሁለት ጊዜ ስለምናስረክብ አንድ ተጨማሪ አይሱዙ፣ 3,500።
ድምር 31,225። የወርክሾፕ ወጪና ትርፍ 20 በመቶ ሲጨመር 37,470። ከ15 በመቶ ቫት ጋር 43,090.50 ብር።

ሥራ ፈት ቀኑን ብዙ ሰው አያስገባውም። የ20ው ብየዳ ነሐሴ 8 ያልቃል። ፊርማው ነሐሴ 9 ከመጣ ያን ቀን አራት ሰው ደመወዝ እየበላ ይቀመጣል። ይሄ ወጪ ከለውጡ የመጣ ነው፣ ከኛ አይደለም።

ነሐሴ 7

ቀኑን ማስላት ከዋጋው ይከብዳል። ደንበኛ «ሁለት ቀን ተጨማሪ ሥራ ካለ ሁለት ቀን ጨምሩ» ይላል። እንዲያ አይደለም። ለውጡ ባይመጣ ኖሮ የመጨረሻው ብየዳ ነሐሴ 19 ያልቅ ነበር፣ ነሐሴ 16 የፍልሰታ ዕለት ዝግ ሆነን። አሁን ነሐሴ 9 ፊርማ፣ 10 ብረት ግዢና ፎርማ፣ 11 ቁረጣና ናሙና፣ 12 ናሙናውን ማጽደቅ። ብየዳው 13 ይጀምርና 23 ያልቃል። አራት ቀን ተገፋ።

ከዛ ቀለም። ነሐሴ ውስጥ አዲስ አበባ ላይ አንቲረስት ቶሎ አይደርቅም። ዝናቡ ብቻ ሳይሆን እርጥቡ አየር ነው። ከላይ ደርቆ ከስር ሳይደርቅ ሁለተኛውን ዙር ከቀባህ ቀለሙ ይጨማደዳል። የመጀመሪያው 70 ዴስክ ወጥቶ ቦታው እስኪለቀቅ ድረስ 50ው ማድረቂያ ቦታ የለውም። ሦስት ቀን ጨመርኩ። በድምሩ ሰባት። 70ው ነሐሴ 23፣ 50ው ነሐሴ 30።

ደብዳቤውን አንድ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ዋናው ክፍል ይሄ ነው፦

«ለውጥ ቁጥር 1። ሐምሌ 8 የተፈረመው ውል ከሚከተለው በስተቀር እንዳለ ይጸናል። ከ120 ዴስክ 50ው ወደዚህ ይለወጣል፦ መቀመጫ ከመሬት 43 ሴ.ሜ.፣ ጠረጴዛ 71 ሴ.ሜ.፣ የመቀመጫ ጥልቀት 38 ሴ.ሜ.። ብረት፣ ችፑድ፣ ቀለም አይለወጥም። 70ው በቀድሞው መጠን ነሐሴ 23 ይረከባል። 50ው ነሐሴ 30 ይረከባል። የመዘግየት ቅጣት ለ50ው የሚቆጠረው ከነሐሴ 30 በኋላ ነው። ተጨማሪ ዋጋ ከቫት ጋር 43,090.50 ብር፤ ግማሹ በፊርማ ጊዜ፣ ግማሹ በማስረከቢያ። ይህ ዋጋና ቀን የሚሠራው እስከ ነሐሴ 9 ተፈርሞ ቅድመ ክፍያው ከገባ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚዘገይ እያንዳንዱ ቀን ማስረከቢያው አንድ ቀን ይገፋል፣ 3,600 ብርም ከቫት ውጪ ይጨመራል። የናሙናው ማጽደቅ ከነሐሴ 12 ካለፈም እንዲሁ።»

ስለ ቅጣቱ ያለው ዓረፍተ ነገር እንዳይረሳ። ቀኑን አዛውረህ ቅጣቱን ካላዛወርክ ውሉ ላይ ያለው ነሐሴ 23 አሁንም ይሠራል። ደንበኛው ክፉ ባይሆን እንኳ የሒሳብ ሠራተኛው በመጨረሻ ውሉን ገልጦ ይቆርጥብሃል።

ለነሐሴ 9 ገደብ የሰጠሁት ሌላ ምክንያትም አለ። የመርካቶው ብረት ሻጭ ፕሮፎርማው ላይ ዋጋውን የጻፈልን እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻ ነው።

ነሐሴ 8

ባለቤቷ ደወሉ። «ልጄ፣ ለ5 ሴንቲ ሜትር 43 ሺህ ብር?» አሉ። ጥያቄያቸው ልክ ነው። በግዢው ሰው በኩል የደረሳቸው «ቁመት መጨመር» የሚል ቃል ብቻ ነው። ብረት ብቻ ብንቆጥር ተጨማሪው ለአንድ ዴስክ 24 ሴንቲ ነው፣ ለ50ው ሁለት ቤርጋ ተኩል አይሞላም። በዚህ ካየኸው ዋጋው ያስደነግጣል።

በየመስመሩ አስረዳኋቸው። የተቆረጠ ብረት እንደማይረዝም ሲገባቸው ብዙው ክርክር አበቃ። ሥራ ፈት ቀኑን ግን አልወደዱትም። «ሠራተኞችህ እኔ ባላዝም ደመወዝ ይበላሉ» አሉ። «ይበላሉ እትዬ፣ ግን ለውጡ ባይመጣ በዚያ ቀን አምስት ዴስክ ይበየድ ነበር» አልኳቸው። ዝም አሉ፣ ከዛ ወደ አይሱዙው ዞሩ። የራሳቸው መኪና ስላላቸው ሁለተኛውን ዙር ራሳቸው ሊያመጡት ተስማማን። 3,500ው ወጣ። ድምሩ 27,725፣ ከ20 በመቶው ጋር 33,270፣ ከቫት ጋር 38,260.50 ብር ሆነ።

የዋጋ ቅናሽ ሲጠየቅ እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። ከሥራው አንድ ነገር ይውጣ፣ ዋጋውም ከሱ ጋር ይውረድ። ዝም ብሎ «በቃ 38 ይሁን» ከተባለ ቀጣዩ ለውጥ ሲመጣ ሁሉም ቁጥር የሚቀነስ ይመስላቸዋል።

ደብዳቤውን አስተካክዬ ላክሁ። የድሮውን ገጽ «ተሽሯል» ብዬ ጻፍኩበት። ሁለት የተለያየ ዋጋ ያለው ያልተሻረ ወረቀት በፋይል ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ነሐሴ 9

ፈረሙ፣ ማህተም አደረጉ። ግማሹ ክፍያ ከሰዓት ገባ። በያጆቹ ጠዋቱን ግራይንደር እያጸዱ አሳለፉ።

ነሐሴ 11

ፎርማው ላይ የመቀመጫውን መያዣ ወደ ኋላ 4 ሴንቲ ወሰድነው። የድሮውን ቦታ አላጠፋነውም፣ ሌላ ቀዳዳ በስተን ብሎን አሰርንበት። 4ኛ መጠን ሌላ ጊዜ ሊመጣ ይችላል።

ሁለቱ መጠኖች በአንድ ቤት ውስጥ መቀላቀላቸው ያሰጋል። ከሩቅ አይለዩም። ኢኤን 1729 ለ4ኛው ቀይ፣ ለ5ኛው አረንጓዴ ምልክት አለው። እኛም ከታችኛው ብረት ላይ ነጥብ አደረግንበት። ትምህርት ቤቱም ክፍል ሲያደላድል ይጠቅመዋል።

ነሐሴ 12

ናሙናውን ትምህርት ቤቱ ወሰድነው። ያንኑ ልጅ አስጠራንና ተቀመጠ። ጭኑ መደርደሪያውን አልነካም። ርዕሰ መምህሩ በሜትር ለኩ፣ 43 እና 71። በደብዳቤው ጀርባ ላይ «ናሙናው ጸድቋል» ብለው ፈረሙ።

ነሐሴ 13

በመጀመሪያዎቹ ዴስኮች ላይ መቀመጫው አንድ ጎን ዝቅ አለ። ከ56.7 ወደ 35.7 የተቆረጡትን ሰብስበን ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ ጎን ለጎን አቆምናቸው። አንዳንዶቹ በ2 ሚሊ ያጥራሉ። ምክንያቱ የመቁረጫው ማቆሚያ ጋ የተጠራቀመ የብረት ብናኝ ነው። ቱቦላሬው ማቆሚያውን ሳይነካ ብናኙ ላይ ይቆማል፣ ያኔ አጥሮ ይቆረጣል። ረዳቱ ከየአሥሩ ቁርጥ በኋላ በብሩሽ እንዲጠርግ ነገርነው።

አጭሮቹን አልጣልናቸውም። አጭር ከአጭር ጋር አጣመርናቸው። ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ መቀመጫው 42.8 ይሆናል እንጂ አያዘነብልም። ግማሽ ቀን ሄደ። ለደንበኛው አልተቆጠረም፣ ከኛ ነው።

ነሐሴ 23

70ው ተረከበ። የርክክብ ወረቀቱ ላይ «ከውሉ 70፣ ከለውጥ ቁጥር 1 ገና 0» ብዬ ለይቼ ጻፍኩ። ዛሬ በጊዜው መሰጠቱ ራሱን ችሎ መታየት አለበት።

በዚያው የግዢው ሰው «የቀረው ላይ የደብተር መደርደሪያውን ብታነሱትስ?» አለኝ። መደርደሪያው ተበይዷል። «ይቻላል፣ ለውጥ ቁጥር 2 ነው» አልኩት። ሳቀና ተወው።

ነሐሴ 30

50ው ሄደ፣ በነሱ መኪና። አራቱ ላይ ቀለሙ ገና ስለሚለጠፍ ካርቶን አስገብተን ለያየናቸው፣ ጳጉሜን ውስጥ ሳይነካኩ እንዲደርቁ። በርክክቡ ላይ ይህንን ጻፍንና ሁለቱም ወገን ፈረመ።

ደረሰኞቹን ለየብቻ አወጣን፣ አንዱ ለውሉ፣ አንዱ ለለውጡ። የለውጡ ቀሪ 19,130.25 ብር በዚያው ቀን ገባ። የውሉ የመጨረሻ ክፍያ ለመስከረም ተላለፈ። 100ው ባለ 30.7 ቋሚ ታስሮ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ቀይ ነጥብ ተደርጎበታል።